የተቋረጠው ስልክ፦ የአንዲት ሴት ሐዘንና ህልም

ይህ አንድ ጊዜ ያማከርኳት ሴት ጉዳይ ነው። ጽሑፉን አንብባ ይውጣ ብላ ፈቅዳለች። ማን እንደሆነች እንዳይታወቅ ስል ስለ ቤተሰቧና ስለ ኑሮዋ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ህልሙንና ሐዘኑን ግን እንደነገረችኝ ነው የተውኩት።

የመጣችው በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጋቢ ደርባ፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ገባች። ቀድማ የተናገረችው እህትየዋ ናት። «እንቅልፍ እምቢ ብሏታል» አለች። እሷ ቀና ሳትል አረመቻት። «እንቅልፍማ ይመጣል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

«እናቴ ትደውልልኛለች» አለችኝ።

ህልሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቤይሩት በተከራየችው ክፍል ውስጥ ናት። ስልክ ይጮኻል፣ ታነሳዋለች። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማታል፤ ከባድ፣ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ትንፋሽ። ቆይቶ የእናቷ ድምፅ በቤት ስሟ ይጠራታል። ልትመልስ ስትል ድምፅዋ አይወጣም። መስመሩ ይቋረጣል። ልቧ እየደለቀ ትነቃለች። ይህ የሚሆነው ሊነጋጋ ሲል ነው።

ህልሙ የጀመራት መርዶ ከሰማች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ከዚያ ለአንዲት የጎረቤት እናት ነገረቻቸው። እሳቸው ደነገጡ። «ሙት በስምሽ ከጠራሽ አቤት እንዳትዪ፤ ይዞሽ ይሄዳል» አሏት። ያሉት ለክፋት አይደለም። እሳቸውም ከእናታቸው የሰሙት ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊቱን መፍራት ጀመረች። ማታ ቡና አፍልታ ትጠጣለች። ስልኳን ይዛ እስከ ሌሊቱ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ስትደክም ንጋት ላይ ትወድቃለች፣ ህልሙም ያኔ ይመጣል። ዘመድ ዲያዜፓም አምጥቶላት ጥቂት ሌሊት አስተኝቷት ነበር። ስታቆመው ህልሙ ብሶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ክኒን ለተከታታይ ሌሊት ተወስዶ በድንገት ሲቆም እንቅልፍ መረበሹና ህልም መበርታቱ የተለመደ ነው። እሷ ግን እናቷ የተቆጣች መሰላት።

የንጋቱም ነገር ምክንያት አለው። እንቅልፍ በዙር ነው የሚሄደው፣ አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ጥርት ያለና ረጅም ህልም በብዛት የምናይበት ክፍል ሌሊቱ ሲጀምር አጭር ነው፣ ወደ ንጋት ሲሆን ይረዝማል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ንጋት ላይ የሚተኛ ሰው በቀጥታ ህልም በሚበዛበት ሰዓት ውስጥ ይገባል። ከህልሙ ልትሸሽ ያደረገችው ነገር ወደ ህልሙ እያቀረባት ነበር።

መጀመሪያ ማጣራት የነበረብኝ ነገር ድምፁ የት እንደሚሰማት ነው። ቀን፣ ዓይኗ ተገልጦ፣ እንስራ ስትሸከም ወይም ገበያ ስትሄድ ይሰማታል? አይሰማትም። ድምፁ ይሰድባታል? አድርጊ፣ አታድርጊ ብሎ ያዛታል? የለም። እናቷ እንደሞተች ታውቃለች? «መቃብሯ ላይ ተንከባልያለሁ፣ እንዴት አላውቅም» አለች። ከዚያ ብዙ ሰው ለመጠየቅ የሚፈራውን ጥያቄ ጠየቅኳት። ከእናትሽ ጋር ለመሆን ብለሽ መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ? ዝም ብላ ቆየች። «ብሄድ ይሻላል ያልኩበት ቀን ነበር። ግን ምንም አላደረግኩም፣ አላደርግምም» አለች። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። እህትየዋም እንድትሰማ አደረግን። ብቻዋን እንዳታድር፣ ክኒኑም ከቤት እንዲወጣ ተስማማን። ድምፁ በቀን ቢመጣ፣ ወይም ነይ የሚለው ጥሪ ስትነቃም የሚያጓጓት ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነበር የምልካት።

የሞተ ሰው ድምፅ መስማት ብቻውን እብደት አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. ዴዊ ሪስ የሚባል የዌልስ ሐኪም በአካባቢው ባል ወይም ሚስት የሞቱባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሟቹ አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸው፣ አይተውት ወይም ድምፁን ሰምተው ያውቃሉ። ያውም በእንቅልፍ አይደለም፣ ነቅተው ነው። ብዙዎቹ አጽናንቶናል ብለዋል። ለሌላ ሰው የተናገሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ይህን የነገርኩት ለእህትየዋ ነው። ከእህቷ ይልቅ የፈራችው እሷ ነበረችና።

አሁን ወደ ቤይሩት እንመለስ። ነገሩ የተቋጠረው እዚያ ነው።

ከቤት ሠራተኝነት የወጣችው የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ነው። አሠሪዎቿ ደሞዟን በዶላር መክፈል አቆሙ፣ ቆይተውም ጭራሽ አቆሙ። ከሌሎች ሀበሾች ጋር ቡርጅ ሐሙድ ክፍል ተከራይታ ተመላላሽ ትሠራ ጀመር። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት የቤይሩት አየር ማረፊያ ተዘጋ። የተከፈተው ሰኔ መጨረሻ ነው። በዚህ መሀል፣ ግንቦት ላይ፣ ደብረ ብርሃን እናቷን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ አካላቸው ዛለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ከሳምንት በኋላ አረፉ።

ለእሷ አልተነገራትም። እህቶቿና አጎቷ ተማክረው ነው። «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ መምጫ የላትም፣ አንድ ነገር ብትሆንስ?» አሉ። እንዲህ ያለውን ምክር የማያውቅ የአገራችን ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ስትደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሏታል። ሌላ ቀን «ተኝታለች»። ሌላ ቀን «ጆሮዋ ከብዷል፣ በስልክ አይሰማትም»። ቀብሩ አለፈ። አርባው ወጣ። ሐምሌ 28 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የክፍሏ መስታወት ረገፈ። ደውላ «ለእማ ደህና ነኝ በሏት» አለች። እንነግራታለን አሏት።

የመጣችው በ2013 መስከረም ማለቂያ ላይ ነው። አጎቷ ቦሌ ተቀብሎ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አሳደራት። ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፣ ሽማግሌዎች ገቡ። መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው። «ነጠላ የለበሱ ሰዎች በዚያ ሰዓት ሳይ ገባኝ። ግን አባቴ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። አባቷ ከዓመታት በፊት የሞቱ ናቸው። በዚያ ቅጽበት እናቷ ሊሆኑ ይችላሉ ከማለት የሞተ አባቷን ዳግም መግደል ቀለላት።

ደብረ ብርሃን ስትደርስ ድንኳን የለም። የሰፈሩ ሰው ለቅሶውን ጨርሶ ወደ ኑሮው ተመልሷል። ሁለት ሦስት ቀን መጥተው አለቀሱላት፣ ከዚያ ቤቱ ጭር አለ። ሌላው ሰው ሰልስት፣ አርባ እያለ ደረጃ በደረጃ የወጣውን ሐዘን እሷ በአንድ ንጋት ተቀበለችው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ ሰውን ከኑሮው ያወጣ ጥልቅ ሐዘንን እንደ ሕመም መዝግቦታል። የእናቷ ሞት ስምንት ወር ሆኖታል። ከዚህ ተነስቶ ስሙን መለጠፍ ቀላል ነበር። እኔ ግን አልለጠፍኩም። እሷ ያወቀችው ከሦስት ወር ተኩል በፊት ነው። ሐዘን የሚቆጠረው መርዶ ከሰሙበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ መርዶ በሚደበቅበት አገር። ሐዘኗ ገና ትኩስ ነበር። መታከም የነበረበት ህልሙና እንቅልፉ ነው።

የጀመርነው ከእንቅልፉ ነው። ቡና ከምሳ በፊት ብቻ። ማታ ስትተኛ ምንም ሰዓት ቢሆን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መነሳት። ቀን አለመተኛት። ከታናሽ የእህቷ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ማደር። የመጀመሪያው ሳምንት ከበዳት። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሰዓት ላይ የምትተኛ ሆነች። ህልሙ አልጠፋም፣ ቁጥሩ ግን ቀነሰ።

«አቤት» ማለት ያስቀጣል ወይስ አያስቀጣም የሚለውን ጥያቄ እኔ ልመልሰው አልፈለግኩም። የእኔ ቦታ አይደለም። እኔ አያስቀጣም ብላት ሌሊቱን ፍርሃቱ አይለቃትም ነበር። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ጠየቀች። እሳቸው ህልም እንዳትከተል መከሯት፣ ለእናቷም እንድትጸልይ። ስለ ጥሪው ሲናገሩ ግን «ልጄ፣ ያጠባችሽ እናት ናት። ብትጠራሽ አቤት ማለት ምን ኃጢአት አለው?» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ለውጥ እኔ በሳምንታት ያላመጣሁት ነው። ካህኑ ፈቃድ ሰጧት።

ከዚያ ህልሙን በወረቀት እንድትጽፈው አደረግኩ። እንደሆነ፣ በአሁን ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ስታነብልኝ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ሰው በህልም ብዙ ዓይነት ነገር ያያል። ያ ትንፋሽ ግን በጣም ዝርዝር ነበር። ቆረጥ ይላል፣ ከመሀሉ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር አለው፣ ከኋላ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ይህን ትንፋሽ በእውን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? አልኳት።

መጀመሪያ አላውቅም አለች። ቆይታ፣ አንድ ቀን ግንቦት ላይ ስትደውል እህቷ «እማን ላገናኝሽ» ብላት እንደነበር አስታወሰች። ስልኩን ሰጠቻት። ማንም አልተናገረም። የሆነ ትንፋሽ ብቻ። «ሃሎ፣ እማ፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው» ብላ ጮኸች። ካርዱ እያለቀባት ነበር። ዘጋችው። መልሳ ስትደውል እህቷ «አዎ ኔትወርክ ነው» አለቻት።

እህትየዋ ከጎኗ ተቀምጣለች። ጭንቅላቷን ደፋች። ስልኩን ማን ጆሮ ላይ እንደያዘችው ያኔ ሁለታችንም ገባን።

«ዘጋሁባት» አለች ልጅቱ። «የመጨረሻዋ ነበር፣ ዘጋሁባት።»

ህልሙ ተሸክሞት የነበረው ይህንን ነው። በየሌሊቱ ስልኩ ይደወላል፣ ትንፋሹ ይመጣል፣ መስመሩ ይቋረጣል። ሰውነቷ አንድ ነገር እንዳለፋት ያውቃል፣ ሐሳቧ ግን ምን እንደሆነ አልተነገረውም። ቤተሰቡ ሊጠብቃት ብሎ የደበቀው ነገር ሌላ በር ፈልጎ ወጣ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እህትየዋ የሆነውን ሁሉ እንድትናገር ጠየቅኋት። ማጽናናት ሳይሆን መናገር። ምን ቀን እንደታመሙ፣ ማን እንዳነሳቸው፣ ምን እንደበሉ፣ ማን አጠገባቸው እንዳደረ። እህትየዋ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስትይዘው ዓይናቸው እንዴት ወደ ስልኩ እንደዞረ ተናገረች። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ደህነኛው እጃቸው ተነስቶ ስልኩን እንደያዘ፣ ከተቋረጠ በኋላም ለማስለቀቅ እንዳስቸገሩ። እንባ እንደወረዳቸው። «ሰምታሻለች» አለቻት። «ኔትወርክ አልነበረም። አንደበቷ ነው እንጂ ጆሮዋ ደህና ነበር።»

ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ቀጥሎ ቁጣው መጣ። «ይህን ሁሉ ጊዜ!» እያለች እህቷን ደጋግማ ጠየቀቻት። እኔ ላቆማት አልሞከርኩም። ቁጣው ትክክል ነበር፣ ባለቤቱም እዚያው ተቀምጣለች። እህትየዋ ሰበብ አላበዛችም። «ፈራሁ» ብቻ አለች።

ከዚህ በኋላ ወደ ህልሙ ተመለስን። የሚደጋገም ቅዠትን ለማርገብ የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ክራኮው ጾታዊ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ2001 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። አሠራሩ ቀላል ነው። ህልሙ ይጻፋል። ባለህልሟ የፈለገችውን ቦታ መርጣ ትለውጣለች። አዲሱን ህልም ቀን ቀን፣ ነቅታ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል በዓይነ ኅሊናዋ ትመላለስበታለች። አሮጌውን መልሳ አትለማመድም። ማታ አልጋ ላይም አይደረግም። ልምምዱ ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቃት ወይም የሚያንቀጠቅጣት ከሆነ ለቀለለ ህልም ይቀየራል፣ ወይም ይቆማል።

የመረጠችው ቦታ ትንፋሹ የሚሰማበትን ነው። በአሮጌው ህልም ትደነዝዛለች። በአዲሱ «አቤት እማ፣ እየሰማሁሽ ነው» ትላለች፣ ስልኩንም አትዘጋም። እናትየዋ ምን ይመልሱ? የሚለውን ልትጽፍ ፈለገች። አይ አልኳት። የእናትሽን ቃል እኔም አንቺም አንጽፍም። ይህ የእኔ ውሳኔ ነው፣ ሌላ አማካሪ ሌላ ሊያደርግ ይችላል። የሞተ ሰው አፍ ውስጥ የምንከተው የራሳችን ቃል ቶሎ ያጽናናና ቶሎ ይረግፋል ብዬ እሰጋለሁ።

በዚሁ ሰሞን አሮጌ ስልኳን አወጣች። ቤይሩት የተሰነጠቀው ነው። ውስጡ ከስትሮኩ በፊት እናቷ በኢሞ የላኩላት የድምፅ መልእክቶች አሉ። ከመርዶው ወዲህ ልትከፍታቸው ፈርታ ነበር። ከአጭሩ ጀመርን። ጠዋት፣ ከእህቷ ጋር፣ አንዱን ብቻ፣ ከዚያ ቁርስ። የመጀመሪያው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። እናትየዋ ስለ ድንች ዋጋ ያወራሉ፣ መሀል ላይ ዶሮ ያባርራሉ፣ «እሽ!» ይላሉ። ልጆቹ ሳቁ። የእናታቸው ድምፅ ያለ ትንፋሹ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ረስተውት ነበር። ያን ቀን መልእክቶቹን ወደ እህትየዋ ስልክም አዛወሩ። ይህን ሁሉም ሰው ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ብልሽት የገጠመው ስልክ የሟችን ድምፅ ይዞ ሲቀር አይቻለሁ።

ህልሙ የተለወጠው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። እንደ ነገረችኝ ልጻፈው።

ስልክ የለም። ቤይሩትም የለም። ደብረ ብርሃን ያደገችበት ቤት በረንዳ ላይ ቆማለች። ጨለማ ነው፣ ጫማዋ ጭቃ ነክቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ፣ ከመኝታ ቤቱ፣ የእናቷ ድምፅ ይመጣል። ፊታቸውን አላየችም።

«ገባሽ?»

«አቤት እማ። ገባሁ።»

«በይ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ።»

ዘጋችው። ነቃች። ፀሐይ ወጥቷል፣ ከአንድ ሰዓት አልፏል። ልቧ አልደለቀም። እዚያው ተኝታ ትንሽ አለቀሰች። ተነስታ ለእህቷ ነገረቻት። እህትየዋ «ደግ አየሽ» ለማለት እንኳ አልቻለችም፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ምክንያቱን ከእህትየዋ ሰማሁ። እናታቸው ማታ ማታ ልጆቹ ሁሉ ሳይገቡ አይተኙም ነበር። የመጨረሻው ልጅ በሩን ሲከፍት ከአልጋቸው ሆነው «ገባሽ?» ይላሉ። «ገባሁ» ሲባል «በሩን ዝጊው» ይላሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። ልጅቷ ይህን ለዓመታት አላሰበችውም። እኔም አልጠየቅኳትም፣ ወረቀቱም ላይ አልነበረም።

እንዴት መጣ? ልጅቷ መልስ አላት። እናቷ መጥተው ነው። አጉል ቦታ ላይ ቀርታ እንደነበረች፣ አሁን እንደገባች አይተው በሩን አዘጉ። እኔም የምለው አለኝ። የተኛ አእምሮ የቀኑን ነገርና የቆየውን ትዝታ ያገናኛል። በነዚያ ሳምንታት የእናቷን የደህና ጊዜ ድምፅ ደጋግማ ሰምታለች፣ የሞታቸውን ታሪክ ሙሉውን ሰምታለች፣ መመለስንም ተለማምዳለች። የቀረው መንገድ የትዝታ ነው። ሁለታችንም የምናምነውን ተነጋገርን፣ አልተከራከርንም። የእሷን አባባል መንካት የእኔ ሥራ አልነበረም። ሌሊት ትተኛለች፣ ቀን ትሠራለች፣ እናቷ መሞታቸውን ታውቃለች። ይህ ሁሉ ባለበት ህልሙን ከእጇ የምወስድበት ምክንያት አይታየኝም።

ህልሙ ሁሉን ፈወሰ ግን አልልም። የስልኩ ህልም ከዚያም በኋላ ብቅ ብሎ ያውቃል፣ በተለይ ሲደክማት። ልዩነቱ አሁን ስትነቃ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፣ መልሳም ትተኛለች። ሌላም አለ። ያንን «ገባሽ?» ደግማ ለመስማት ብላ ለሳምንታት በጊዜ እየተኛች ትጠብቅ ነበር። አልመጣም። ይህ አንዳንዱን ሰው ይጎዳል፣ «ተወችኝ» ያሰኛል። እንዲህ ያለ ህልም በትእዛዝ እንደማይመጣ ቀድመን ተነጋግረን ስለነበር ብዙ አልከፋትም።

ከህልሙ ይልቅ ከእህቷ ጋር ያለው ነገር ረጅም ጊዜ ወሰደ። ግንቦት ላይ የሙት ዓመቱ ተዝካር ሲወጣ ዝግጅቱን ሙሉ በሙሉ ለእሷ ለቀቁላት። ጠላውን ጠመቀች፣ እንጀራውን አስጋገረች፣ ለካህናቱና ለነዳያኑ በእጇ አቀረበች። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ ባለፈው ያላየችው ድንኳን። ጎረቤት አዲስ ለቅሶ እንደመጣ ሆኖ አለቀሰላት። ያች «አቤት እንዳትዪ» ያሏት እናትም መጥተው ደረታቸውን መቱላት። ነጠላዋን ያቃናችው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2014 ዓ.ም. አክስታቸው አረፉ። ወንድማቸው ጅዳ ነው። አጎትየው እንደ ልማዱ «ሲመጣ ይነገረው» አለ። እሷ እምቢ አለች። ወንድሟ ሥራ የሚጨርስበትን ሰዓት አጣራች። አብሮት የሚኖረውን የአገር ልጅ አስቀድማ በስልክ አግኝታ ማታ ከቤት እንዳይወጣ ለመነችው። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች እንዲሰበሰቡ አደረገ። የሰፈር ልጆች በፌስቡክ ፎቶ እንዳይለጥፉ ነገረች፣ ከእሷ በፊት ከዚያ እንዳይሰማ። ከዚያ እህቷን አጠገቧ አስቀምጣ ደወለች፣ በቀጥታም ነገረችው። ወንድሟ ጮኾ አለቀሰ። አብረውት ያሉት ያዙት። ስልኩን ማንም አልዘጋም፣ ከወዲህም ከወዲያም እየተለቀሰ ብዙ ቆየ። ከማግስቱ ጀምሮ ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ እህቶች በየማታው ደወሉለት።